የማሾ ቡቃያ በአዲስ አበባ ብርድ፦ ለምን ሸተተ፣ እንዴትስ ይበቅላል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ለነቢያት ጾም ብዬ ማሾና ድፍን ምስር በሁለት ጠርሙስ ዘፈዘፍኩ፤ በማግስቱ አጥልዬ ክዳናቸውን ገጥሜ ወጥ ቤት አስቀመጥኳቸው። ጠዋትና ማታ በቧንቧ ውሃ አለቀልቃቸው ነበር። ምስሩ በሦስተኛው ቀን ደህና ሆኖ በቀለ። ማሾው ግን ግማሹ አጭር ጭራ አውጥቶ ቀረ፤ አንዳንዱ ጭራሽ እንደ ድንጋይ ነው፤ በአራተኛው ቀን ሸተተና ደፋሁት። ሙቀት አንሶት ከሆነ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ላስቀምጠው? ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ ደጋግሞ ማለቅለቁም ይቸግረኛል። ሥራ ውዬ የምገባው ማታ 12 ሰዓት ነው።»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ ሙቀት አንሶት ነው ብለው መጠርጠርዎ ትክክል ነው። መስኮቱን ግን ይተዉት። የኅዳር ፀሐይ በመስታወት ውስጥ ሲያልፍ የጠርሙሱን ሆድ በአጭር ጊዜ ከመጠን በላይ ያሞቀዋል፤ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ማሾው መጎዳት ይጀምራል፣ ባክቴሪያው ግን ይፋፋል። ሲመሽ ደግሞ ያው መስኮት ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው ቦታ ይሆናል። ማሾ የሚፈልገው ቀንም ሌሊትም ብዙ የማይለዋወጥ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ያለ ሙቀትና ጨለማ ነው። ብርሃን ሲያገኝ ጭራው ይቀጥናል፣ ራሱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጣዕሙም ወደ መራራነት ያዘነብላል።

ምስሩ በዚያው ወጥ ቤት፣ በዚያው ውሃ በቅሎ ማሾው የከሸፈበት ምክንያት ከየት እንደ መጡ ሲያስቡት ግልጽ ነው። ምስር የደጋና የወይና ደጋ ሰብል ነው። ጊምቢቹና ምንጃር አካባቢ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቀረው የመሬት እርጥበት ይዘራል፤ ቅዝቃዜ የለመደ ስለሆነ 18 ዲግሪ ላይ ያለ ችግር ይነቃል። ማሾ ግን የቆላ ልጅ ነው። መርካቶ እህል በረንዳ የሚያገኙት ማሾ በአብዛኛው ከሸዋ ሮቢት፣ ከከሚሴና ከዚያ ወዲያ ካለው ሞቃት አካባቢ የሚመጣ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ፣ በኅዳር ሌሊት፣ እሳት በሌለበት ወጥ ቤት ሲቀመጥ ፈጽሞ አይሞትም፤ ይዘገያል። ችግሩ ያለው መዘግየቱ ላይ ነው። እርጥብ ሆኖ ሳይበቅል የሚቆይበት እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት ለባክቴሪያና ለሻጋታ የተሰጠ ጊዜ ነው። እርስዎ በአራተኛው ቀን የሸተተዎት የዚያ ድምር ነው።

ነገር ግን ጉዳቱ የጀመረው ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በመጀመሪያው ሌሊት፣ ሲዘፈዝፉት ይመስለኛል። ብዙ ሰው መዘፍዘፍን እንደ ዝግጅት እንጂ እንደ ዋና ሥራ አያየውም፤ እኔ ግን የማሾ ዕጣ ግማሹ እዚያ ይወሰናል ባይ ነኝ። ደረቅ ፍሬ ውሃ መጠጣት ሲጀምር ለረጅም ጊዜ ደርቀው የቆዩት የሕዋሶቹ ስስ ሽፋኖች ገና አልተስተካከሉም። በእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት የሚጠጣው ውሃ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ሙቀት ወዳድ የሆኑ ጥራጥሬዎች ሽፋናቸው በቅጡ ሳይጠገን ይቀርና ውስጣቸው ያለው ስኳርና ፕሮቲን ወደ ውሃው ይፈሳል። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ጠዋት ላይ የዘፈዘፉበት ውሃ ቢጫ ብቻ ከሆነ ደህና ነው፤ ከቅርፊቱ የወጣ ቀለም ነው። ደፍርሶ፣ ላዩ አረፋ ይዞ፣ በጣት ሲነኩት የሚያሟልጭ ከሆነ ግን ፍሬው ውስጡን እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ያ የፈሰሰው ስኳር በየፍሬው ላይ ተለጥፎ ይቀርና ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናል። እንዲህ የተጎዳ ፍሬ ኋላ ላይ ቢያሞቁትም አጭር፣ ጫፉ የቡናማነት ምልክት ያለው ጭራ አውጥቶ ይቆማል። የእርስዎ ማሾ ያደረገው ልክ ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የመዘፍዘፊያው ውሃ ለብ ያለ ይሁን። ሙቀት መለኪያ ከሌለዎት በመጠን መሥራት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጀሪካን ያደረ ውሃ ደግሞ በዚህ ወቅት 17 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አራት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አንድ ብርጭቆ አሁን የፈላ ውሃ ቢጨምሩ 32 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ውሃ ያገኛሉ፤ ጠርሙሱና ፍሬው ጥቂት ወስደውበት 29 ወይም 30 ላይ ያርፋል። በክንድዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጠብ ሲያደርጉት የሕፃን ገላ እንደሚታጠብበት ውሃ ሊሰማዎት ይገባል። ከፔርሙስ የሚቀዱ ከሆነ ውሃው ትንሽ ስለሚቀዘቅዝ ሦስት ለአንድ ያድርጉት። መቀላቀሉ ግን ሁልጊዜ በሌላ ዕቃ ይሁን። ማሾው ላይ የፈላ ውሃ አፍስሰው በቀዝቃዛ አበርደዋለሁ ካሉ ከታች ያለውን ይቀቅሉታል።

ወደ «ድንጋዮቹ» ልምጣ። ማሾ ውስጥ ቅርፊታቸው ውሃ የማያስገባ ፍሬዎች አሉ። ከሌሎቹ ጋር አብረው ተዘፍዝፈው ሲያድሩ ሌላው በእጥፍ ሲያብጥ እነሱ ደቃቃ፣ አብረቅራቂና ጥቁር አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ሞተው ላይሆኑ ይችላሉ፤ ቅርፊታቸው ስላልተከፈተ ብቻ ነው። ቀቅለውም አይለሰልሱም፤ ጥርስ ይሰብራሉ። መፍትሔው ካጠለሉ በኋላ ማሾውን ነጭ ሳህን ላይ ዘርግቶ እነዚያን ለቅሞ ማውጣት ነው። በማግስቱ ከበቀለው ጋር ተደባልቀው መለየት አስቸጋሪ ስለሚሆን ይህን ሥራ ለሌላ ጊዜ አያቆዩት።

ከመዘፍዘፍ በፊት ያለው ለቀማ ደግሞ ሌላ ነው። ማሾ ነቀዝ ይወደዋል። ክብ፣ ንጹሕ ቀዳዳ ያለበትን ፍሬ ሁሉ ያውጡ፤ ውስጡ ተበልቷልና አይበቅልም፣ ውሃ ሲገባው ግን ከሁሉም ቀድሞ ይበሰብሳል። የተሰነጠቀውም እንደዚያው ነው። ምስርም ቢሆን ክክ አይበቅልም፤ ክብ ሆኖ ቅርፊቱ የተገፈፈው ቀይ ምስርም አይበቅልም፤ ሲገፈፍ ሽሉ ይጎዳል። እህል በረንዳም ሆነ ሾላ ሲገዙ ለምግብ የሚሸጥ፣ ቅርፊቱ ያልተነካ ድፍን ፍሬ ይጠይቁ። ለመዝራት ተብሎ የተዘጋጀ ዘር በምንም መልኩ አይግዙ፤ ብዙ ጊዜ በፀረ ሻጋታና በፀረ ተባይ መድኃኒት ይታሻል፣ ታጥቦም አይለቅም።

አዲስ ከረጢት በገዙ ቁጥር አንድ ትንሽ ሙከራ ብታደርጉ እመክራለሁ፤ ብዙ ውሃና ብዙ ማሾ ያድናል። 20 ፍሬ ቆጥረው ዘፍዝፈው ያሳድሩ፤ በማግስቱ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሳህን ላይ ሞቃት ቦታ ያስቀምጡ። በሁለት ቀን ውስጥ 18 ወይም ከዚያ በላይ ጭራ ካወጣ ጥሩ ማሾ ነው። ከ15 በታች ከሆነ ለወጥ ያውሉት፤ ለቡቃያ አይሆንም። የማይበቅለው ሩብ በጠርሙሱ ውስጥ የሚበቅለውን ሦስት እጅ ይዞት ይበሰብሳል።

ክዳኑን መግጠምዎ ሌላው ጥፋት ነው። የሚበቅል ፍሬ ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ይወስዳል፣ የተቃጠለ አየርና ሙቀት ያወጣል። በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ አየር ሲያጥረው ወደ መብላላት ይገባል፤ የጠላ ጥንስስ የመሰለ ሽታ ከሰጠዎት ምክንያቱ ይህ ነው። ምስሩ የተረፈው ቶሎ ስለበቀለና እርስዎም በቀን ሁለቴ ሲከፍቱት አየር ስላገኘ ነው። አፉ ሰፊ የሆነ ባለ አንድ ሊትር የመስታወት ጠርሙስ፣ የማር ወይም የማርማላታ፣ ይውሰዱና አፉን በፋርማሲ በሚሸጥ ንጹሕ ፋሻ ወይም በቱል ጨርቅ ሸፍነው በላስቲክ ይሰሩት። ያረጀ አጎበር ቆርጠው የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ እባክዎ እርስዎ አያድርጉት። ለወባ የሚታደለው አጎበር ክሩ ውስጥ የትንኝ መድኃኒት የገባበት ነው።

ካለቀለቁ በኋላ ጠርሙሱን አፉን ወደ ታች አዘንብለው፣ ጎድጎድ ያለ ሳህን ጠርዝ ላይ አስደግፈው ያስቀምጡት። ቀጥ ብሎ ከተደፋ ማሾው ሁሉ አፉ ላይ ተከምሮ አየሩን ይዘጋዋል፤ በጣም ከተጋደመ ደግሞ ውሃው ከጠርሙሱ ትከሻ ሥር ይቀራል። መካከለኛ ዘንበል ይበቃዋል፤ ማሾው በጠርሙሱ ርዝመት ይበተናል፣ ውሃውም ይወርዳል። ከዚያ ጠርሙሱን አንድ ሁለት ጊዜ ዞር እያደረጉ ቀስ ብለው ያራግፉት፤ መጨረሻ ላይ የሚወርዱት ጥቂት ጠብታዎች ከሁሉም የበለጠ ጉዳት ያላቸው ናቸው። ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ፍሬ ይታፈናል፣ ከታፈነው ቦታ ደግሞ ሽታው ይጀምራል።

አሁን ሙቀቱ። ኤሌክትሪክም ልዩ ዕቃም አያስፈልግም። አንድ ወፍራም ካርቶን ይፈልጉ፤ ጠርሙሱ ከነሳህኑና ሁለት ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ጎን ለጎን ገብተው ቦታ የሚተርፍበት ይሁን። የሃይላንዱን ጠርሙስ መጀመሪያ ግማሹን በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው፣ ከዚያ ግማሹን በፈላ ውሃ ይሙሉት፤ 54 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የፈላውን ብቻ ከሞሉ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። ክዳኑን አጥብቀው በፎጣ ጠቅልለው ማሾውን ሳይነካ ካርቶኑ ውስጥ ያቁሙትና ላዩን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ያልብሱ፤ በአንድ ማዕዘን በኩል ጣት የምታህል ክፍተት ለአየር ይተዉ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ለተወሰኑ ሰዓታት ሞቅ ብሎ ይቆያል፤ ሲነጋ ይቀዘቅዛል፣ ግን ከወጥ ቤቱ ሙቀት በታች አይወርድም። ማታ ሊተኙ ሲሉና ጠዋት ከቤት ሲወጡ ውሃውን ማደስ ይበቃል። ያው ውሃ እየተሞቀ ስለሚመለስ ተጨማሪ ውሃ አይፈጅም። ርካሽ የሙቀት መለኪያ ካገኙ በመጀመሪያው ቀን ካርቶኑ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ከ30 በላይ ካሳየዎት የሃይላንዱን ጠርሙስ ትንሽ ራቅ ያድርጉ ወይም ፎጣውን ያደርቡ።

እንጀራ ከተጋገረ በኋላ ምጣዱ ላይ ማስቀመጥን ብዙ ሰው ያስባል። ምጣዱ መጀመሪያ ላይ የሚያቃጥል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ የሚቀዘቅዝ ነው፤ አይሆንም። ፔርሙስ ውስጥ ማብቀልም እንደዚሁ ነው፤ ሙቀቱን ይይዛል፣ አየር ግን የለውም።

የውሃውን ጭንቀትዎን እረዳለሁ፤ ሂሳቡ ግን ከሚፈሩት ያነሰ ነው። ለባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ 60 ግራም ደረቅ ማሾ፣ ማለትም አምስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል። በአንድ ጊዜ ማለቅለቅ ግማሽ ግማሽ ሊትር ሁለት ጊዜ አፍስሶ መድፋት ነው፤ አንድ ሊትር። ከመጀመሪያው ማጥለያ እስከ መጨረሻው ሰባት ጊዜ ቢያለቀልቁ ሰባት ሊትር፣ ከመዘፍዘፊያው ጋር ስምንት ሊትር ያህል ይሆናል። የ20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ የተደፋውም ለአበባና ለሽንት ቤት ይሆናል። ውሃ ካጠረዎት የማሾውን መጠን ይቀንሱ እንጂ የማለቅለቂያውን ቁጥር አይቀንሱ። ማለቅለቅ እርጥበት ለመስጠት ብቻ አይደለም፤ የፈሰሰውን ስኳር ያጥባል፣ ከፍሬው የወጣውን የታፈነ አየር ያስወጣል። ጥሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን በበቃው ነበር።

ውሃው ራሱ ግን ንጹሕ መሆን አለበት። በሮቶና በጀሪካን ለቀናት የቆየ ውሃ ቧንቧው ላይ የነበረው ክሎሪን ጠፍቶበታል፤ በዚያ ላይ ጽዋ እየተነከረ ተቀድቶበታል። ቀን ላይ አንድ ትልቅ ድስት ውሃ አፍልተው ክዳኑን ሳይከፍቱ ቢያቀዘቅዙት ለሁለት ቀን የሚሆን ማለቅለቂያ ያገኛሉ። ከዚያ በየጊዜው በፔርሙስ ሙቅ ውሃ ለብ ያደርጉታል። በቀዝቃዛ ውሃ ባለቀለቁ ቁጥር ካርቶኑ ያሞቀውን መልሰው እያቀዘቀዙት ነው፤ ምስር ቢሆን ይህ አያሳስብም ነበር።

የእርስዎን ሳምንት ይዤ ላሳይዎት፤ ለዓርብ ምሳ ይሁን። ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ማሾውን ለቅመው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሳይሆን ለብ ባለው ፈጥነው ሁለት ጊዜ አጥበው፣ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፈው ካርቶኑ ውስጥ ያሳድሩ። ጠርሙሱ አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ በሙቅ ውሃ የተለቀለቀ ይሁን። ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያጥልሉ፣ ድንጋዮቹን ለቅመው ያውጡ፣ ያለቀልቁ፣ አዘንብለው ወደ ካርቶኑ ይመልሱ፣ የሃይላንዱን ውሃ አድሰው ወደ ሥራዎ ይሂዱ። ማታ 12 ሰዓት ሲገቡ ቅርፊቱ በአንድ በኩል ተከፍቶ ነጭ ነጥብ የምታህል ጫፍ ብቅ ብላ ያገኛሉ። ያለቀልቁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊተኙ ሲሉ እንደገና ያለቀልቁና ሙቁን ውሃ ያድሱ። ሐሙስም ያው ሦስት ጊዜ ነው፤ ጠዋት፣ ሲገቡና ሊተኙ ሲሉ። ቀኑን ሙሉ አለመኖርዎ አይጎዳውም፤ በደንብ የተንጠፈጠፈ ማሾ አሥራ አንድ ሰዓት ይታገሳል፤ የማይታገሠው ከሥሩ ውሃ የቀረበት ነው። ሐሙስ ማታ ጭራው ከፍሬው ይረዝማል። ዓርብ ጠዋት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ደርሶ፣ ቅርፊቱ እየተገፈፈ፣ 60 ግራም የነበረው 150 ግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ ያገኙታል። ለአንድ ጊዜ ለሦስት ሰው የሚበቃ ነው።

በቻይና ምግብ ቤቶች የሚቀርበውን ወፍራምና ረጅም ነጭ ቡቃያ ከዚህ ጠርሙስ አይጠብቁ። እሱ በጨለማ፣ በክብደት ተጭኖ፣ በብዙ ውሃ ለቀናት የሚያድግ ነው። በቤት ውስጥ አጭሩን መብላት ይሻላል፤ ጣፋጭ ነው፣ ለመበላሸትም ጊዜ አያገኝም።

ምስሩን በዚህ ሁሉ አያድክሙት። ያለ ካርቶን፣ ጠዋትና ማታ ብቻ ለቅልቀው፣ ክዳኑን በፋሻ ለውጠው ይቀጥሉ። ከማሾው ጋር ካርቶን ውስጥ ካስገቡት ያለ አግባብ ይሞቅና ቶሎ ይዝላል።

አንድ ነገር ሰው ሁሉ ያስደነግጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በተለይ ምስር ላይ ጭራው ዙሪያውን በነጭ ለስላሳ ፀጉር ይሸፈናል። ብዙ ሰው ሻጋታ ነው ብሎ ደህናውን ይደፋዋል። የሥር ፀጉር ከሆነ በእያንዳንዱ ጭራ ላይ በእኩል፣ ከጫፉ ጥቂት ራቅ ብሎ ይበቅላል፤ ውሃ ሲነካው ወዲያው ተኝቶ ይጠፋል፤ ሽታም የለውም። ከወትሮው በዝቶ ከታየ ጠምቶታል ማለት ነው። ሻጋታ ግን ከአንዱ ፍሬ ወደ ሌላው ተሻግሮ ድር ይሠራል፤ ግራጫ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ይይዛል፤ ቢለቀለቅም ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ መነሻው አንድ ያልበቀለ ፍሬ ነው። ይህን ካዩ የታየውን ብቻ አውጥተው ሌላውን አያትርፉ፤ ሁሉንም ይድፉ። ሽታውም እንዲሁ ነው። ጤነኛ ቡቃያ እንደ ጥሬ እሸት ይሸታል። መጥፎ ሽታ ቢኖረው፣ ወይም ከለቀለቁ በኋላም ጣት ላይ የሚያሟልጭ ከሆነ፣ አሁን ታጥቦ ሊድን አይችልም።

እዚህ ላይ የምለውን ከሁሉም በላይ እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። ቡቃያው ደህና ሸትቶ፣ ደህና ታይቶም የሚያሳምም ሊሆን ይችላል። ማሾውን የሚያበቅለው ሙቀትና እርጥበት ሳልሞኔላንና አደገኛውን ኢ ኮላይንም ያበዛል፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ ከማሳው፣ ከጆንያው ወይም ከእጅ ፍሬው ላይ ተጣብቀው የሚመጡ ናቸው፣ ቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥም ይደበቃሉ፤ ማለቅለቅ አይደርስባቸውም። በ2003 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2011) ጀርመን ውስጥ በቡቃያ የተነሳ የኢ ኮላይ ወረርሽኝ ከ3,800 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ከ50 በላይ ገድሏል። ምርመራው ያመራው ከግብጽ ወደ ገባ የአብሽ ዘር ነበር። ቡቃያው የተመረተው ሥርዓት ባለው እርሻ ነው፤ ክፉውን ያመጣው ዘሩ ነበር።

ስለዚህ ቤትዎ ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም በሕመም የደከመ ሰው ካለ ጥሬ ቡቃያ አይቅረብላቸው። ለሌላውም ቢሆን ማብሰል እመርጣለሁ፤ በቆልትንም እኮ ቀቅለን እንጂ ጥሬውን ማዕድ ላይ አናቀርበውም። ማሾው ቶሎ የሚበስል ነው። በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይጨምሩትና ውሃው ተመልሶ ከፈላ በኋላ አራት ደቂቃ ያቆዩት፤ እኛ ጋ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ በሌላ አገር የምግብ አሠራር ላይ ከሚያነቡት አንድ ሁለት ደቂቃ ቢጨምሩ አይበዛም። ምስሩ ሰባት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ካጠለሉት በኋላ ለሰላጣ ቢፈልጉ ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር ይቀላቅሉት፤ እንዲሁም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት አቁላልተው ቡቃያውን ጨምረው ሁሉም በእንፋሎት እስኪግል ማማሰል ይቻላል። መንቸቱ ሳይከደን ቢቆይ ይሻላል፤ ከተከደነ ይልፈሰፈሳል።

የተረፈውን ሳይበስል ማቆየት ካለብዎት ከመጨረሻው ማለቅለቂያ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ላዩ እስኪደርቅ ይተዉት፤ ከዚያ አየር በሚያስገባ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከጥሬ ሥጋ ርቆ፣ እስከ ሁለት ቀን ያስቀምጡ። እርጥቡን ካስገቡት በማግስቱ ጠዋት ያሟልጫል። መብራት ለብዙ ሰዓት ከጠፋ ግን ሲመጣ እስኪቀዘቅዝ አይጠብቁት፤ ያን ቀን ያብስሉት፣ ወይም ሞቅ ብሎ ከቆየ ይድፉት።